የሕፃን የመጀመሪያ ዓመት ወጪ፦ ቁጠባው የሚያልቀው በየትኛው ወር ነው?

ጥያቄ፦ «የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዣለሁ፤ 10ኛ ሳምንቴ ነው። እኔም ባለቤቴም ደመወዝተኞች ነን፤ ከገቢያችን 40 በመቶው የእኔ ነው። በየወሩ ከገቢያችን 84 በመቶ ያህሉን እናወጣለን፤ ያለን ቁጠባ የአንድ ወር ተኩል ወጪያችንን ብቻ ይሸፍናል። ከወለድኩ በኋላ ሦስት ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ ከልጄ ጋር ቤት መቆየት እፈልጋለሁ። እስክወልድ ምን ያህል ማጠራቀም አለብን? ዕቃውንስ ከአሁኑ ገዝተን ብናስቀምጥ አይሻልም?»

ምላሽ፦

በሰጡኝ አኃዝ ሳሰላው ቁጠባችሁ የሚያልቀው በወሊድ ሰሞንም፣ ያለ ደመወዝ በሚቆዩባቸው ሦስት ወራትም አይደለም። የሚያልቀው ወደ ሥራ ከተመለሱ በኋላ፣ ልጁ 10ኛ ወሩን ሲይዝ ነው። ስለዚህ ምክሬ ከዚህ ወር ጀምሮ የተለመደ ወጪያችሁን ከ84 ወደ 74 በመቶ ዝቅ እንድታደርጉና፣ በ36ኛው ሳምንት ላይ የሕፃኑ ዕቃ ከተገዛ በኋላ የሁለት ወር ከሲሶ ገቢያችሁን የሚያህል ቁጠባ በእጃችሁ እንዲኖር ነው። እዚህ ቁጥር ላይ እንዴት እንደደረስኩ ከዚህ በታች አሳያለሁ። የወሊድ፣ የዕቃና የሞግዚት ዋጋ ስላልገለጹልኝ መካከለኛ ግምት ይዣለሁ፤ በእኔ ግምት ቦታ የራሳችሁን ዋጋ እየተካችሁ ብትከተሉኝ ስሌቱ የእናንተ ይሆናል።

የመጀመሪያው ዓመት በጀት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ድምሩ ስለተሳሳተ ሳይሆን፣ ወጪው የሚመጣበት ወርና ገቢው የሚቀንስበት ወር በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ስለማይቀመጡ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ 19 መስመር ያለው ሠንጠረዥ ይሥሩ፤ ሰባቱ መስመር ለቀሩት የእርግዝና ወራት፣ 12ቱ ለልጁ የመጀመሪያ ዓመት ይሁን። በእያንዳንዱ መስመር ላይ አራት ቁጥር ይጻፉ፦ በወሩ የሚገባው ገቢ፣ የቤቱ የተለመደ ወጪ፣ በሕፃኑ ምክንያት የሚጨመረው ወጪ፣ እና በወሩ መጨረሻ የሚቀረው ቁጠባ። ዋናው የመጨረሻው ቁጥር ነው። ከወር ወደ ወር እየተሻገረ የሚሄደው እሱ በመሆኑ፣ ችግሩ የት ላይ እንደሚመጣ ገና ሳይመጣ የሚነግራችሁም እሱ ነው።

ሠንጠረዡ ሲሠራ የቁጠባው ቀነ ገደብ 40ኛው ሳምንት መሆን የለበትም። በዓለም ላይ ከሚወለዱ 10 ሕፃናት አንዱ ያህል ከ37ኛው ሳምንት በፊት ይወለዳል፤ በጊዜው የሚወለደውም ቢሆን በተቆረጠለት ቀን የሚመጣው ጥቂቱ ነው። በ40ኛው ሳምንት ሊሞላ የታቀደ ገንዘብ በ36ኛው ሳምንት ለተነሣ ምጥ አይደርስም፤ ቀድሞ የተወለደ ሕፃን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሌላው የበለጠ ሕክምና ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለወሊድ የሚያስፈልገው ሁሉ በ36ኛው ሳምንት ተሟልቶ መቀመጥ አለበት። ዛሬ 10ኛ ሳምንት ላይ ከሆናችሁ የቀራችሁ 26 ሳምንት፣ ማለትም ስድስት ወር ነው። ከዚያ በኋላ ያለችውን አንድ ወር ከመጣች እንደ ትርፍ ቁጠሯት፤ በዕቅዱ ውስጥ ግን አታስገቧት።

አሁን የሁለታችሁን የአንድ ወር ገቢ 100 እጅ ብለን እንነሣ። የእርስዎ ድርሻ 40፣ የባለቤትዎ 60 ነው። የተለመደው ወጪ 84፣ ያለው ቁጠባ 126 እጅ ይሆናል። ለእርግዝና ክትትል፣ ለምርመራና ለመመላለሻ በወር 3 እጅ ብንይዝ በየወሩ 13 እጅ ይተርፋል፤ በስድስት ወር 78 ይሆናል። ካለው ጋር ተደምሮ 204 ይደርሳል። ከዚህ ላይ 30 ለሕፃኑ ዕቃ፣ 40 ደግሞ ያለ ቀዶ ሕክምና ለሚደረግ ወሊድ ሲቀነስ 134 እጅ ይዛችሁ ወደ ቤት ትመለሳላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ደመወዝዎ ስላልተነካ ገቢው 100 ነው፤ ወጪው ግን የመመላለሻና የምሳ ወጪዎን ለጥንቃቄ ገና ሳልቀንስ፣ ዳይፐርና የንጽሕና ዕቃ 6፣ የጤና ክትትል 2፣ በድካም ሰሞን ለሚያስፈልግ የቤት ውስጥ እገዛና ለመጓጓዣ 4 ተጨምሮበት 96 ይሆናል። በሦስት ወር 12 እጅ ብቻ ትቆጥባላችሁ። ቀጥሎ ባሉት ሦስት ያለ ደመወዝ ወራት ገቢው ወደ 60 ይወርዳል። ወጪውም ወደ ሥራ የመመላለሻና የምሳ ወጪዎ ስለሚቀር ወደ 91 ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ በየወሩ 31፣ በጠቅላላው 93 እጅ ከቁጠባው ይሄዳል። ልጁ ስድስት ወር ሲሞላው 53 እጅ ይቀራችኋል።

እስከዚህ ድረስ ዕቅዱ የተሳካ ይመስላል፤ ብዙ ቤተሰብም ስሌቱን እዚህ ላይ ያቆማል። ይሁን እንጂ በሰባተኛው ወር ደመወዝዎ ሲመለስ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። ሞግዚት ወይም የሕፃናት ማቆያ ያስፈልጋል፤ ይህን የደመወዝዎን ግማሽ፣ 20 እጅ አድርጌ ይዣለሁ። ልጁ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፤ ለእሱ 4 እጅ። መመላለሻዎና ምሳዎም ይመለሳል። በድካም ሰሞን ለሚያስፈልገው እገዛና መጓጓዣ የያዝኩት 4 እጅ ግን ከስድስተኛው ወር በኋላ ያበቃል። ወጪው 116፣ ገቢው 100 ይሆናል። በየወሩ 16 እጅ ይጎድላል፤ በሰባተኛው ወር መጨረሻ 37፣ በስምንተኛው 21፣ በዘጠነኛው 5 እጅ ይቀርና በ10ኛው ወር ቁጠባው አልቆ ብድር ይጀመራል። ያለ ደመወዝ የሚቆዩባቸው ወራት ከባድ ቢሆኑም የሚያበቁበት ቀን አላቸው። የልጅ ጥበቃ ክፍያ ግን ዓመቱ ሲያልቅ የማያልቅ፣ በየወሩ የሚመለስ ወጪ ስለሆነ በቁጠባ ብቻ አይሸፈንም። የሚሸፈነው የቤቱን የተለመደ ወጪ ዝቅ በማድረግ ወይም ገቢን ከፍ በማድረግ ነው። ቀድማችሁ ካላያችሁት ደግሞ ገቢያችሁ ሙሉ በሙሉ በተመለሰበትና ተረጋጋን ባላችሁበት ሰዓት ይደርስባችኋል።

የተለመደውን ወጪ በ10 እጅ ዝቅ አድርጋችሁ 74 ላይ ብታውሉት ምን እንደሚሆን እንይ። በእርግዝናው ጊዜ በወር 23 ይተርፋል፤ ስድስት ወር ሲሞላ ከነባሩ ጋር 264 ይደርሳል። ዕቃው ሲገዛ 234፣ ወሊዱ ሲከፈል 194 ይሆናል። በሦስቱ የደመወዝ ወራት 42 ይጨመርና 236 ይደርሳል። ያለ ደመወዝ በሆኑት ወራት ጉድለቱ በወር 21 ስለሚሆን 173 ይቀራል። ከሰባተኛው ወር ጀምሮ ጉድለቱ በወር 6 ብቻ ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ 137 እጅ፣ ማለትም የሁለት ወር የተለመደ ወጪ ሊሞላ ጥቂት የቀረው መጠባበቂያ በእጃችሁ ይኖራል። አንድ ዓይነት ቅነሳ ሁለት ጊዜ ሠርቷል፦ ከወሊድ በፊት ቁጠባውን አሳድጓል፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ ጉድለቱን አጥብቧል።

ቅነሳውን አሁን መጀመር ከገንዘቡ ሌላ ጥቅምም አለው። በ74 እጅ መኖር መቻላችሁን የምታውቁት ሕፃን በቤት ውስጥ ሳይኖር፣ እንቅልፍ ሳታጡ፣ ተረጋግታችሁ ነው። ገንዘቡ በወሩ መጨረሻ ከተረፈ ይቀመጣል ከተባለ አይተርፍም፤ ደመወዝ በገባበት ቀን 23ቱ እጅ ወደ ሌላ ሒሳብ ይዛወር፤ የቀረው የወሩ ኑሮ ይሁን። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ከተዛወረው ላይ መልሳችሁ የምታወጡ ከሆነ 74 ለእናንተ እውነተኛ ቁጥር አይደለም ማለት ነው፤ ያኔ 78ን ሞክሩና የሚጎድለውን ከምን እንደምታሟሉ ገና አራት ወር እያላችሁ ታስባላችሁ። የሚቀነሰውን ስትመርጡ በየቀኑ ከሚወጡ ጥቃቅን ወጪዎች ይልቅ በየወሩ የሚደጋገሙ ትልልቅ ክፍያዎችን አስቀድሙ። ሊያልቅ ጥቂት የቀረው የዕቃ ብድር ካለ ከእርግዝናው ጋር አብሮ እንዲያልቅ ማድረግ፣ ወይም ወርኃዊ ክፍያው ከፍ ያለ ብድር ካለ የመክፈያ ዘመኑን ከአሁኑ መደራደር፣ ብዙ ጥቃቅን ቅነሳዎች የማያመጡትን ለውጥ ያመጣል። ድርድሩን ሁለት ደመወዝ እየገባ ሳለ ማድረግ፣ አንዱ ከቆመ በኋላ ከማድረግ በእጅጉ ይቀላል። ከእርስዎ ምግብና ከሕክምና ክትትል ግን ምንም አይቀነስ።

ያለ ደመወዝ ስለሚቆዩባቸው ወራት ልጨምርልዎ የምፈልገው ነገር አለ፤ ብዙ እናቶች በዚህ ጉዳይ ሳያስፈልጋቸው ሲጨነቁ አያለሁና። ያለ ክፍያ የሚያሳልፉት አንድ ወር ዋጋው ሙሉ ደመወዝዎ፣ 40 እጅ፣ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ወር ቢሠሩ ኖሮ ለሞግዚት 20፣ ለመመላለሻና ለምሳ 5 እጅ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ቤት መቆየትዎ ቤተሰቡን በእውነት የሚያስከፍለው በወር 15 እጅ ነው። ይህ ማለት ፈቃዱን ማሳጠር ብዙ ሰው የሚያስበውን ያህል ገንዘብ አያድንም። የቤቱን ሒሳብ ለማስተካከል በመጀመሪያ የሚነካው የእርስዎ ፈቃድ መሆን የለበትም። በሌላ በኩል 15 እጅ ዜሮ አይደለም፤ ፈቃዱ እስከ ስምንትና ዘጠኝ ወር ይራዘም የሚል ሐሳብ ከመጣም በዚሁ ቁጥር ይመዘን።

አሁን የገቢውን በኩል በወረቀት ላይ እናረጋግጥ። «ሙሉ ደመወዝ» የሚለው ቃል በብዙ መሥሪያ ቤት መነሻ ደመወዝን ብቻ እንጂ የትራንስፖርት አበልን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያንና ማትጊያን አይጨምርም። ከሚያገኙት ውስጥ አንድ አራተኛው አበል ከሆነ በሦስቱ ወራት ውስጥ በየወሩ 10 እጅ ይጎድላል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው የእናትነት ጥበቃ ስምምነት ቁጥር 183 የወሊድ ፈቃድ ከ14 ሳምንት እንዳያንስ፣ ክፍያውም ከቀድሞ ገቢ ሁለት ሦስተኛ እንዳያንስ ይጠይቃል። ይሁንና ስምምነቱ ባላጸደቁ አገሮች ላይ አይጸናም፤ በእናንተ ዘንድ የሚሠራውን የሚወስኑት የአገሩ ሕግና የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ናቸው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የፈቃዱ መነሻ ቀን ነው። በብዙ ደንቦች ፈቃዱ የሚጀምረው ከወሊድ በፊት ነው። አራት ሳምንት አስቀድመው ቢወጡ ከሦስቱ የደመወዝ ወራት አንዱ ከመውለድዎ በፊት ያልቃል። እንዳሰቡት ልጁ ስድስት ወር እስኪሞላው ቤት የሚቆዩ ከሆነ 14 እጅ የሚተርፍበት አንድ ወር 21 እጅ ወደሚጎድልበት ወር ይለወጣል፤ ልዩነቱ 35 እጅ ነው። ይህ ከሕፃኑ ዕቃ ሁሉ ዋጋ ይበልጣል።

ስለዚህ የሰው ኃይል አስተዳደሩን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይጠይቁ፦ በፈቃዱ ወራት በእጄ የሚገባው የተጣራ ክፍያ ስንት ነው? ፈቃዱ የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን ነው? ያለ ክፍያ በምቆይበት ጊዜ ከደመወዝ ይቆረጥ የነበረው ብድር እንዴት ይከፈላል? የጤና መድኅኔስ ይቀጥላል ወይስ ይቋረጣል? የመጨረሻው ጥያቄ በቀላሉ ይረሳል። ሕፃኑ በእናቱ መድኅን ሥር ተመዝግቦ ሳለ ያለ ክፍያ ፈቃዱ ሽፋኑን ካቋረጠው፣ ልጁ ለጉንፋንና ለተቅማጥ በሚጋለጥባቸው ወራት ያለ ሽፋን ይቀራል። ባለቤትዎ መድኅን ካላቸው ልጁ ከመጀመሪያው በእሳቸው ሥር ቢመዘገብ ይሻላል። ብዙ የመድኅን ውሎች አዲስ የተወለደ ልጅን ያለ ተጨማሪ ጥያቄ የሚቀበሉት በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ከተመዘገበ ብቻ ስለሆነ፣ ያንን የቀን ገደብ ከአሁኑ ጠይቃችሁ ጻፉት።

በሕክምናው በኩል የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በእርግዝና ጊዜ ቢያንስ ስምንት የክትትል ቀጠሮዎችን ይመክራል፤ የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ የቀሩት በ20፣ በ26፣ በ30፣ በ34፣ በ36፣ በ38 እና በ40ኛው ሳምንት ናቸው። እንደምታዩት አምስቱ በመጨረሻዎቹ አሥር ሳምንታት ላይ የተከማቹ ስለሆኑ፣ በሠንጠረዡ ላይ የክትትሉ ወጪ ወደ መጨረሻው እየከበደ ይሂድ። በመጀመሪያው ቀጠሮ የሚደረገው የደም ዓይነት ምርመራ ለበጀቱም ትርጉም አለው። የእርስዎ ደም ኔጌቲቭ፣ የባለቤትዎ ፖዘቲቭ ከሆነ ሾተላይን የሚከላከለው መርፌ ያስፈልግዎታል። በብዙ ቦታ በ28ኛው ሳምንት ገደማ አንድ ጊዜ፣ የሕፃኑ ደም ፖዘቲቭ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ሌላ ይሰጣል። ውድ መድኃኒት ስለሆነና በሁሉም ቦታ ሁልጊዜ ስለማይገኝ ዋጋውንም የሚገኝበትንም ቀድሞ ማወቅ ይገባል።

የምትወልዱበትን ተቋም ስትጠይቁ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚደረገውን ወሊድ ዋጋ ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ጠቅላላው ስንት እንደሚሆን፣ አንድ ተጨማሪ የአልጋ ቀን ስንት እንደሆነ፣ ሲገቡ የሚጠየቀው ቅድሚያ ክፍያ ምን ያህል እንደሆነ፣ እና ሕፃኑ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ቢቆይ በቀን ስንት እንደሚከፈል ጠይቁ። የመጨረሻው ብዙውን ጊዜ በእናቲቱ የወሊድ ጥቅል ውስጥ አይካተትም፤ ሕፃኑ ከተወለደባት ደቂቃ ጀምሮ የራሱ ካርድና የራሱ ሒሳብ ያለው ሌላ ታካሚ ነው። በእኔ ስሌት ቀዶ ሕክምናውን 90 እጅ ይዤዋለሁ፤ ከመጀመሪያው ግምት 50 ይበልጣል። በ74 እጅ ዕቅድ ይህ ቢደርስባችሁ ዓመቱ ሲያልቅ 137 የነበረው 87 ይሆናል፤ ያም የአንድ ወር የተለመደ ወጪያችሁን አሁንም ይሸፍናል። በ84ቱ ዕቅድ ግን ስድስተኛው ወር ላይ 3 እጅ ብቻ ይቀራችሁ ነበር።

ይህን ገንዘብ የምታስቀምጡበት ቦታ ከሚያስገኘው ወለድ ይልቅ በሌሊት መገኘቱ ይበልጣል። ለወሊድ የተመደበው 90 እጅ በጊዜ ገደብ የተዘጋ ሒሳብ ውስጥ አይግባ። ሁለታችሁም ልታወጡት የምትችሉት ይሁን፤ በአንድ ቀን ማውጣት የሚፈቀደው መጠን ከቅድሚያ ክፍያው የማያንስ መሆኑንም በ34ኛው ሳምንት ላይ አረጋግጡ። ሒሳቡ በእርስዎ ስም ብቻ ሆኖ እርስዎ በማዋለጃ ክፍል ባሉበት ሰዓት ባለቤትዎ ገንዘቡ እያለ መክፈል የሚያቅታቸው ሁኔታ በቀላሉ ሊፈጠር ይችላል። ያለ ደመወዝ ለሚቆዩባቸው ወራት የተያዘው ገንዘብ ደግሞ በሌላ ሒሳብ ተቀምጦ፣ በየወሩ በደመወዝ ቀን 21 እጅ እንደ ደመወዝ ወደ ቤት ወጪ ይተላለፍ። እንዲህ ሲደረግ ወሩ ከታቀደው በላይ መብላቱ በዚያው ወር ይታወቃል።

ዕቃን አስቀድሞ ስለመግዛት ላነሡት ጥያቄ መልሴ፣ አልጋና መታጠቢያን የመሳሰለ በመጠን የማይለወጥ ዕቃ ቀስ በቀስ ቢገዛ ችግር የለውም፤ በመጠን የሚለወጠውን ግን አታከማቹ የሚል ነው። ሕፃን ሲወለድ ወደ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ዓመት ሲሞላው ወደ 75 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። የልደት ክብደቱ በአምስተኛው ወር ገደማ እጥፍ፣ በዓመቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለአዲስ የተወለደ የሚሆን ልብስ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወር በላይ አይለበስም፤ ጠያቂም በስጦታ የሚያመጣው በዚሁ ልክ ነው። ስድስት ሰባት ቅያሪ በቂ ነው። ዳይፐርም የሚለየው በክብደት ነው፤ የትንሹን ልክ ከአንድ ወር የበለጠ አትግዙ። በመጀመሪያው ወር በቀን 10 ያህል፣ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው 8 ያህል፣ ከዚያ በኋላ 6 ያህል ብንይዝ በዓመት ወደ 2,500 ዳይፐር ይሆናል። በዚህ ቁጥር የአንዱን ዋጋ አባዙና ለ12 አካፍሉት፤ የእኔ 6 እጅ ለእናንተ ይበዛ ወይም ያንስ እንደሆነ ወዲያው ይታያል። የጨርቅ ዳይፐር ከመረጣችሁ 20 እስከ 24 የሚሆን ቅያሪ ይበቃል፤ ውኃውን፣ ሳሙናውንና አጣቢውን ግን በሒሳቡ ውስጥ አስገቡ። በየትኛውም መንገድ የቅያሪውን ቁጥር ለቁጠባ ብላችሁ አትቀንሱ። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ የራሰ ዳይፐር መቁጠር ልጁ በቂ ወተት እያገኘ መሆኑን የምታውቁበት ምልክት ነውና።

ወተቱ ከዕቃው ሁሉ በላይ በጀቱን ሊለውጥ የሚችል ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲሰጥ ስለሚመክር፣ የእርስዎም ፈቃድ ከዚያ ጋር ስለሚገጣጠም፣ በዋናው ስሌት የዱቄት ወተት አላስገባሁም። ነገር ግን ጡት መስጠት የማይቻልበት ሁኔታ ስላለ ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ሕፃን በአማካይ በየኪሎ ክብደቱ በቀን 150 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠጣል። አምስት ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን 750 ሚሊ ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ ለዚህ 100 ግራም ገደማ ዱቄት ይገባል፤ በወር ሦስት ኪሎ ማለት ነው፤ ባለ 400 ግራም ጣሳ ከሆነ ሰባት ስምንት ጣሳ። ገንዘቡ ሲያጥር ዱቄቱን አቅጥኖ መበጥበጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ሕፃኑን ለምግብ እጥረትና ለደም ጨው መዛባት ያጋልጣል። ጣሳ አስቀድማችሁ አትግዙ፤ ገንዘቡ ግን በመጠባበቂያው ውስጥ ይኑር። በመጀመሪያው ሳምንት ጡት መያዝ ከቸገረው ጡት በማጥባት ላይ ለሠለጠነ ባለሙያ የሚከፈለው የአንድ ጊዜ ክፍያ ከወራት የጣሳ ወጪ ሊያድን ስለሚችል በዚያ ላይ አትሰስቱ።

ክፉ አጋጣሚዎች ቢደራረቡስ? ቀዶ ሕክምና 50 እጅ፣ የዱቄት ወተት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በወር 12፣ በኋለኞቹ ስድስት በወር 8 ቢጠይቅ በጠቅላላው 170 እጅ ይጨመራል። 137 የነበረው ወደ 33 ዕዳ ይወርዳል። ልጁ በጊዜው ተወልዶ ያልቆጠርናት ሰባተኛዋ ወር 23 እጅ ካመጣች ዕዳው 10 ይሆናል። ለዚህ ቀን የምትወስዱትን እርምጃ ቅደም ተከተል አሁኑኑ ተስማሙበት። እኔ የማስቀድመው የሥራ ሰዓትን ማፈራረቅ ነው፤ አንዳችሁ ማልዳችሁ፣ ሌላችሁ አርፍዳችሁ ብትገቡና የሞግዚት ሰዓት በግማሽ ቢቀንስ በስድስት ወር 60 እጅ ይድናል፤ ሒሳቡም ወደ 50 ይመለሳል። የሞግዚት ክፍያ በግማሽ ከቀነሰ በኋላ አንድ ያለ ደመወዝ ወር ማሳጠር 25 እጅ ያመጣል፤ መጠባበቂያው 75 ሆኖ የአንድ ወር የተለመደ ወጪያችሁን ይሸፍናል። ብድር የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ምልክታችሁ ይህ ይሁን፦ በሠንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ ላይ ወደፊት ካሉት ወራት በአንዱ ቁጥሩ ከ74 በታች ሲወርድ ካያችሁ፣ ወሩ እስኪደርስ ሳትጠብቁ የመጀመሪያውን እርምጃ ጀምሩ።

ሠንጠረዡን በየወሩ አድሱት፤ በተለይ በልጁ አምስተኛ ወር ላይ ተቀምጣችሁ አጢኑት። ሞግዚት ከልጁ ጋር እንድትላመድ ሥራ ከመጀመርዎ ሁለት ሳምንት በፊት ብትቀጠር ክፍያዋ የሚጀምረው በስድስተኛው ወር ነው፤ ማቆያም ከሆነ መመዝገቢያና የመጀመሪያውን ወር በቅድሚያ ይጠይቃል። የእርስዎ ደመወዝ ግን የሚገባው በሰባተኛው ወር መጨረሻ ነው። በዚህ መካከል ላለው ክፍተት 30 እጅ ያህል በማንኛውም ጊዜ ሊወጣ በሚችል ሒሳብ ውስጥ ለይታችሁ አቆዩ፤ የደመወዝ መዝገብዎ ሳይዘገይ እንዲከፈትም ከመመለስዎ አንድ ወር በፊት ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቁ።